አንድ ሌሊት፣ ሁለት ሲንድሮሞች፦ ሴሮቶኒን ሲንድሮምን ከኤንኤምኤስ የለየልን የእግር ምርመራ

ሴሮቶኒን ሲንድሮም እና ኒውሮሌፕቲክ ማሊግናንት ሲንድሮም ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለቱንም የሚያመጣቸው መድኃኒት ነው። በሁለቱም ሰውነት ይግላል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ይወርዳል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ አእምሮ ይረበሻል። ሁለተኛው ስሙ ስለሚረዝም እኛ ሐኪሞች እንደምንጠራው ኤንኤምኤስ እለዋለሁ።

ተማሪዎች የሚያጠኑት የማነጻጸሪያ ሰንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመድኃኒቱ ነው። የድብርት መድኃኒት የወሰደ ሰው ሴሮቶኒን ሲንድሮም፣ የሳይኮሲስ መድኃኒት የወሰደ ሰው ኤንኤምኤስ ይላል። ወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ ብዙ ታካሚዎች ሁለቱንም ዓይነት አንድ ላይ ይወስዳሉ። ያኔ የሰንጠረዡ የመጀመሪያ ረድፍ ምንም አይነግረንም። አዳማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያየናት ታካሚ እንዲህ ነበረች። በእሷ ምክንያት ለተረኛ ሐኪሞችና ነርሶች የምናስተምርበትን ሰንጠረዥ እንደገና ጻፍነው። ማንነቷን ሊያሳውቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።

ታካሚዋ

የ34 ዓመት ሴት ናት። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ እናቷና ታናሽ እህቷ በባጃጅ ይዘዋት መጡ። ከአንድ ዓመት በላይ የአእምሮ ሕክምና ክትትል አላት። ቤተሰቡ የመጣው "ሕመሟ ተነሳባት" ብሎ ነው። አልጋ ላይ አርፋ መተኛት አልቻለችም። ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ አንሶላውን ትጎትታለች። ጥያቄ ስንጠይቃት ትመልሳለች፤ ግን ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ወደ ሌላ ትሄዳለች። ልብሷ በላብ ርሷል። መንጋጋዋና እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ።

የሙቀት መጠኗ 38.7 ዲግሪ፣ የልብ ምቷ በደቂቃ 134፣ የደም ግፊቷ 160/95፣ ትንፋሿ 26 ነበር። የደም ስኳሯ 118። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች የወባ ከተማ ስለሆነች ትኩሳት ላለበት ሰው ሁሉ የምናደርገውን አደረግን፣ ደም ለወባ ላክን። ወባ የለም አለ። አንገቷ አልደረቀም። ያም ሆኖ ትኩሳትና የአእምሮ መረበሽ አንድ ላይ ሲመጡ ማጅራት ገትርን በዚያ ሰዓት ሙሉ በሙሉ መዝጋት ስለማይቻል የመጀመሪያውን 2 ግራም ሴፍትሪያክሶን ሰጠናት። ይህን ውሳኔ ዛሬም እደግፈዋለሁ። መድኃኒት ያመጣው በሽታ ነው ብሎ ማሰብ ኢንፌክሽንን ለመርሳት ፈቃድ አይሰጥም።

ኢንተርኑ ካርዷን አገላብጦ ሪስፐሪዶን እንደምትወስድ አገኘ።

"ዶክተር፣ የሳይኮሲስ መድኃኒት ላይ ናት። ትኩሳት አላት፣ እግሯ ተገትሯል፣ ግራ ተጋብታለች። ኤንኤምኤስ አይሆንም?"

ሐሳቡ ልክ ነበር። ባለው መረጃ ማንም ወደዚያ ነው የሚሄደው። ነገር ግን መረጃው ገና ግማሽ ነበር። ሁለት ነገሮች ይቀሩ ነበር፤ የመድኃኒቶቹ ሙሉ ታሪክ ከነሰዓታቸው፣ እና እግሮቿ።

ፌስታሉ

እህቷን ወደ ጎን ወስጄ "እህቴ፣ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ንገሪኝ። የሐኪም ትዕዛዝ ያለውንም የሌለውንም" አልኳት። እሷም ቦርሳዋን ከፍታ አንድ ፌስታል አወጣች። ፌስታሉ ሰንጠረዡን ያስለወጠን ነገር ነው።

ሪስፐሪዶን 2 ሚሊግራም አለ። ማታ ማታ ትወስዳለች፤ ከአንድ ዓመት በላይ መጠኑ አልተለወጠም። ፍሉኦክሴቲን አለ። ለድብርት የታዘዘላት ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ከ20 ወደ 40 ሚሊግራም ከፍ ብሏል። ከዚያ ደግሞ አዲስ የትራማዶል እሽግ አለ። በዚያው ቀን ከባጃጅ ስትወርድ ወድቃ ወገቧን መታት። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ አንድ ክሊኒክ ሄደች። እዚያ 100 ሚሊግራም ትራማዶል በጡንቻ ተወጋች። አቅለሽልሿት ስለነበር ፕላሲልም ተወጋች። ባለ 50 ሚሊግራም የትራማዶል እንክብልም ተሰጣት።

"ሕመሙ ምንም አልተወላትም" አለች እህቷ። "ስለዚህ 12 ሰዓት ላይ ሁለት ፍሬ፣ 2 ሰዓት ላይ ሁለት ፍሬ ዋጠች።"

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መቁነጥነጥ ጀመረች። ወዲያው ተቅማጥ መጣ፣ ከዚያ ላብና መንቀጥቀጥ።

ትራማዶል ብዙ ሰው የሕመም ማስታገሻ ብቻ አድርጎ የሚያየው መድኃኒት ነው። ሆኖም ሁለት ሥራ አለው። መድኃኒቱ ራሱ፣ ጉበት ሳይለውጠው፣ ሴሮቶኒን የሚባለው የነርቭ መልእክተኛ ከነርቮች መገናኛ ላይ ተመልሶ እንዳይወሰድ ያግዳል። የሕመም ማስታገሱን ሥራ በዋናነት የሚሠራው ግን ጉበት ከለወጠው በኋላ የሚገኘው ውጤት ነው። ይህን ለውጥ የሚያደርገው ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። ፍሉኦክሴቲን ደግሞ ይህንኑ ኢንዛይም በኃይል ያግዳል።

ስለዚህ ፍሉኦክሴቲን የሚወስድ ሰው ትራማዶል ሲሰጠው ያልተለወጠው መድኃኒት ደሙ ውስጥ ይከማቻል፣ ሴሮቶኒኑም ይጨምራል። የሚያስታግሰው ክፍል ግን ይቀንሳል። ሕመሙ አይተውም። ሕመሙ ስላልተወው ሌላ እንክብል ይጨምራል። ታካሚዋ እንደ ቅብጠት ወይም እንደ ሱስ የሚታይባት ነገር አልሠራችም። መድኃኒቶቹ ራሳቸው ወደዚያ ገፏት። የወገብ ሕመም ይዞ የመጣን ሰው "ሌላ ምን ትወስዳለህ?" ብሎ መጠየቅ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

አሁን ወደ ኢንተርኑ ጥያቄ እንመለስ። ከወሰደቻቸው መካከል ዶፓሚን የሚባለውን ሌላ የነርቭ መልእክተኛ የሚያግዱ ሁለት መድኃኒቶች አሉ። ሪስፐሪዶን አንዱ ነው። ፕላሲል ሁለተኛው ነው፤ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ስለሆነ ይረሳል እንጂ ኤንኤምኤስ ሊያመጣ ይችላል። ሴሮቶኒንን የሚጨምሩም ሁለት አሉ፣ ፍሉኦክሴቲንና ትራማዶል። ሁለት ለሁለት። የመድኃኒት ዝርዝሩ ብቻውን አልፈረደም።

ሰዓቱ ግን መናገር ጀመረ። ሪስፐሪዶኑ ከዓመት በላይ አልተነካም። የተለወጠው ነገር የዛሬው ትራማዶል ነው። ከመጀመሪያው መርፌ እስከ መጀመሪያው ምልክት 5 ሰዓት ብቻ አለ። ሴሮቶኒን ሲንድሮም እንዲህ ነው የሚመጣው። አዲስ መድኃኒት ከተጨመረ ወይም መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ በሰዓታት ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል። ኤንኤምኤስ ይዘገያል። ብዙውን ጊዜ የዶፓሚን አጋጁ መድኃኒት በተጀመረ ወይም በጨመረ በቀናት ውስጥ፣ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ነው የሚገነባው። መጀመሪያ ሰውዬው ዝም ይላል፣ ይገተራል፤ ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ፕላሲሉም የዛሬ ስለሆነ ግን ሰዓቱ ብቻውን ነገሩን አልዘጋም።

እግሮቿ

ክሎነስ ጡንቻ ድንገት ሲለጠጥ ራሱን እየደጋገመ በተስተካከለ ምት መምታቱ ነው። እሱን መፈለግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ መሣሪያም አይጠይቅም። ታካሚዋን በጀርባዋ አስተኝተን ጉልበቷን በትንሹ አጠፍነው። አንድ እጅ ከጉልበቷ በታች ደገፍ ያደርጋል። በሌላው እጅ የእግሯን መዳፍ ይዤ ወደ ላይ፣ ወደ ቅልጥሟ በፍጥነት ገፋሁና እዚያው ያዝኩት። መግፋቱን ብቻ አድርጎ የሚለቅ ሰው ክሎነስን ያጣዋል። ይዞ መቆየት ነው ቁም ነገሩ።

እግሯ እጄ ውስጥ መምታት ጀመረ። በተስተካከለ ምት፣ እስከያዝኩት ድረስ አላቆመም። ሌላውም እግር እንደዚያው ነበር። ኢንተርኑ ራሱ እንዲይዘው ሰጠሁት። አንድ ሁለት ወይም ሦስት ምት ጤነኛ ሰው ላይም ሊታይ ይችላል። የማያቆም ምት ግን ጤነኛ ሰው ላይ አይታይም።

ከዚያ የጉልበት ሪፍሌክስ አየን። መዶሻው ገና ሲነካት እግሯ ተወረወረ። የእጆቿ ሪፍሌክስም ጨምሯል፤ የእግሮቿን ያህል ግን አይደለም። የጡንቻ ግትርነቱም እንዲሁ ነበር። እግሮቿ ጠንካራ ናቸው፣ እጆቿ ግን ሲታጠፉ ይታጠፋሉ። በሴሮቶኒን ሲንድሮም የነርቭና የጡንቻ ምልክቶች ከእጅ ይልቅ እግር ላይ ይበረታሉ። ኤንኤምኤስ ቢሆን ኖሮ ግትርነቱ መላ ሰውነቷን በያዘ ነበር፤ እጇን ሳጥፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሚታገል፣ እንደ ብረት ቧንቧ። ሪፍሌክሷም ቀንሶ ወይም እንደ ወትሮው ሆኖ ባገኘሁት ነበር። ክሎነስም አይኖርም ነበር።

የዓይን ብሌኖቿ ሰፍተዋል። ስቴቶስኮፑን ሆዷ ላይ ስናደርግ አንጀቷ ያለማቋረጥ ይጮሃል። ኤንኤምኤስ ላይ የዓይን ብሌን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወትሮው ነው፣ አንጀትም እንደ ወትሮው ወይም ጸጥ ያለ ነው።

ሴሮቶኒን ሲንድሮምን ለመለየት የምንጠቀምበት የሀንተር መስፈርት የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከመጠን በላይ መድኃኒት የወሰዱ ታካሚዎችን በማየት የወጣ ነው። ሴሮቶኒን የሚጨምር መድኃኒት የወሰደ ሰው ላይ ክሎነስ ራሱን ችሎ፣ ማንም ሳይነካው ከታየ መስፈርቱ ተሟላ። ሐኪሙ ሲገፋ የሚመጣ ክሎነስ ወይም የዓይን ክሎነስ ካለ፣ ከመቁነጥነጥ ወይም ከላብ ጋር ሲሆን ተሟላ። መንቀጥቀጥ ከጨመረ ሪፍሌክስ ጋር አንድ ላይ ከተገኘም ተሟላ። የቀረው መንገድ የጡንቻ ግትርነት ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳትና ከክሎነስ ጋር ሲገኝ ነው። ልብ በሉ፣ ትኩሳት የግድ አይደለም። የመስፈርቱ እምብርት ክሎነስ ነው። የእኛ ታካሚ ሐኪም ሲገፋ የሚመጣ ክሎነስ፣ ላብና መቁነጥነጥ ነበራት። ያለ ላብራቶሪ ተሟላ።

የሰጠናት ሕክምና

በሁለቱም በሽታዎች የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ነው፣ የሚጠረጠሩትን መድኃኒቶች ሁሉ ማቆም። ስለዚህ አንዳንዱ "ታዲያ መለየቱ ለምን አስፈለገ?" ይላል። መልሱ በዚያች ሌሊት በግልጽ ታይቶናል።

ታካሚዋ እየታገለች ስለነበር የሚረዳን አንድ ባልደረባ ሃሎፐሪዶል እንድትወጋ ጠየቀ። እንቢ አልን። ኤንኤምኤስ ቢሆን በእሳት ላይ ሌላ ዶፓሚን አጋጅ መጨመር ነው። ሴሮቶኒን ሲንድሮም ከሆነም ሰውነት ሙቀቱን እንዳይቆጣጠር ያውካል፣ ምልክቱንም ያደበዝዛል። በእሱ ፈንታ ዳያዜፓም 10 ሚሊግራም በደም ሥር ቀስ ብለን ሰጠን። ከ10 ደቂቃ በኋላ 5፣ እንደገና 5 ጨመርን። ትንፋሿን በቅርብ እየተከታተልን ነበር።

እናቷ በነጠላ ከአልጋው ጋር ሊያስሯት ፈለጉ። የሚያደርጉት በፍቅር ነው፤ እንዳትወድቅ ፈርተው። "እማማ፣ ከታሰረች ትታገላለች፤ ስትታገል ጡንቻዋ ሙቀት ያመነጫል። አጠገቧ ይቀመጡና እጇን ይያዟት" አልኳቸው። ሙቀቱ የሚመጣው ከጡንቻው እንጂ እንደ ኢንፌክሽን ከአንጎል የሙቀት መቆጣጠሪያ አይደለም። ፓራሲታሞል የማያወርደውም ለዚህ ነው። ልብሷን አቅልለን፣ በውኃ የራሰ ጨርቅ አድርገንባት፣ ቬንትሌተር አዞርንባት። በደም ሥር ኖርማል ሳላይን ሰጠን።

ከዚያ ሳይፕሮሄፕታዲን ፈለግን። ብዙ ሰው የሚያውቀው እንደ አለርጂ መድኃኒት ወይም የምግብ ፍላጎት እንደሚከፍት ነው። ለእኛ ግን የሴሮቶኒንን ተቀባዮች የሚዘጋ መድኃኒት ነው። የሚገኘው በሚዋጥ መልክ ብቻ ነው። የእኛ ፋርማሲ በዚያ ሰዓት አልነበረውም። እህቷ ማዘዣውን ይዛ ሌሊት ክፍት የሆነ መድኃኒት ቤት ፍለጋ ሄደችና ባለ 4 ሚሊግራም ፍሬ ይዛ መጣች። ሦስት ፍሬ፣ ማለትም 12 ሚሊግራም፣ ተፈጭቶ በአፍንጫ ቱቦ ገባላት። ከዚያ በየሁለት ሰዓቱ 2 ሚሊግራም ቀጠልን። ይህ መድኃኒት እንደሚረዳ የሚታመነው ከተናጠል የታካሚ ታሪኮች በመነሳት ነው፤ ጠንካራ ጥናት የለውም። የሕክምናው ምሰሶ ዳያዜፓም፣ ማቀዝቀዝና መድኃኒቶቹን ማቆም ነው። ሳይፕሮሄፕታዲን ባይገኝ ኖሮ ታካሚዋን ትተን መድኃኒት ፍለጋ አንሮጥም ነበር።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሙቀቷ 39.2 ደረሰ። ያን ጊዜ ፈራን። ከ41 ዲግሪ በላይ የሚሄድ ታካሚ ማደንዘዝ፣ ጡንቻውን በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ ማላላትና በመተንፈሻ ማሽን መደገፍ ይፈልጋል። ያን ለማድረግ ሰክሲኒልኮሊንን አንጠቀምም። የተጎዳ ጡንቻ ፖታሲየም ይለቅቃል፤ ሰክሲኒልኮሊን ደግሞ ያንን አባብሶ ልብን ሊያቆም ይችላል። ቬኩሮኒየም አዘጋጅተን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደወልን። አላስፈለገም። 10 ሰዓት ላይ ሙቀቷ 38.3 ሆነ። ሲነጋ 37.6 ነበር፣ ክሎነሷም ወደ ሦስት ምት ወርዷል። ሴፍትሪያክሶኑን አቆምን። በማግስቱ ማታ የት እንዳለች፣ ምን እንደደረሰባት በደንብ ታወራ ነበር።

ክሬያቲን ካይኔዝ የሚባለው የጡንቻ ምርመራ እኛ ጋ ሌሊት አይሠራም። ናሙናው ወደ ውጭ ላብራቶሪ ተልኮ ውጤቱ ጠዋት መጣ፣ 410። ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ግን ወድቃለች፣ በጡንቻ ተወግታለች፣ ሌሊቱን ስትታገል አድራለች። ኤንኤምኤስ ላይ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 በላይ ይሄዳል። ነጭ የደም ሕዋሷ 11,200 ነበር፣ ይህ ለየትኛውም አያዳላም። ሁለቱም ቁጥሮች የመጡት ሕክምናው ከተወሰነ በኋላ ነው። ይህን የማነሳው ሰንጠረዡ ላይ ላብራቶሪን የት እንዳስቀመጥነው ስለሚያስረዳ ነው።

ሰንጠረዡ

የድሮው ሰንጠረዛችን ትኩሳት፣ የልብ ፍጥነት፣ ላብ፣ የአእምሮ መረበሽ የሚሉ ረድፎች ነበሩት። በሁለቱም ዓምዶች "አለ" ተብሎ የተጻፈባቸው። ተረኛው እነዚህን ሲያነብ ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ ምንም አይለይለትም። ሁሉንም አወጣናቸው። የማይለይ ረድፍ የመለያ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የለውም። ረድፎቹን ያስቀመጥነው አልጋው አጠገብ ቶሎ በሚገኙበት ቅደም ተከተል ነው። መድኃኒቱ ራሱ ሳይሆን የተለወጠው መድኃኒት ከላይ አለ። ላብራቶሪ ወደ ታች ወረደ። የመጨረሻውን ዓምድ ለዚች ታካሚ ሰጠነው፤ አዲስ ኢንተርን ሲማር አንድ ሰው ላይ አድርጎ እንዲያየው።

| የሚታየው | ሴሮቶኒን ሲንድሮም | ኤንኤምኤስ | ታካሚያችን |
|---|---|---|---|
| ሰሞኑን ምን ተለወጠ? | ሴሮቶኒን የሚጨምር መድኃኒት ተጀመረ፣ ጨመረ ወይም ሌላ ተደረበበት | ዶፓሚን አጋጅ ተጀመረ ወይም ጨመረ፤ ወይም የፓርኪንሰን መድኃኒት በድንገት ቆመ | በፍሉኦክሴቲን ላይ ትራማዶል ተደረበ፤ ፕላሲልም ተወጋች |
| ከለውጡ እስከ ምልክቱ | ሰዓታት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በታች | ቀናት፣ እስከ ሁለት ሳምንት | 5 ሰዓት |
| ክሎነስ (ቁርጭምጭሚት፣ ዓይን) | አለ | የለም | የማያቆም፣ በሁለቱም እግር |
| ሪፍሌክስ | ይጨምራል፣ እግር ላይ ይበረታል | ይቀንሳል ወይም እንደ ወትሮው ነው | ጨምሯል |
| ግትርነት | እግር ላይ ይበረታል | መላ ሰውነት፣ እንደ ብረት ቧንቧ | እግር ላይ |
| እንቅስቃሴ | መቁነጥነጥ፣ መንቀጥቀጥ | ዝምታ፣ የእንቅስቃሴ መቀነስ | መቁነጥነጥ |
| አንጀትና የዓይን ብሌን | አንጀት ይጮሃል፣ ተቅማጥ፤ ብሌን ይሰፋል | አንጀት ጸጥ ያለ ወይም እንደ ወትሮው፤ ብሌን እንደ ወትሮው | ተቅማጥ፣ ሰፊ ብሌን |
| ክሬያቲን ካይኔዝ | እንደ ወትሮው ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፤ ሲከፋ ግን በጣም ይጨምራል | ብዙ ጊዜ ከ1,000 በላይ | 410 |
| መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ | ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ይሻላል | ከሳምንት በላይ፤ በወር መርፌ ከሆነ ይበልጥ ይረዝማል | በማግስቱ ማታ |
| ለይቶ የሚሰጥ መድኃኒት | ሳይፕሮሄፕታዲን | ብሮሞክሪፕቲን፣ ዳንትሮሊን | ሳይፕሮሄፕታዲን |

የመጨረሻው ረድፍ ስህተት የሚያስከፍልበት ነው። ብሮሞክሪፕቲን ዶፓሚንን የሚተካ መድኃኒት ነው። ኤንኤምኤስ ላይ ይረዳል፣ ሴሮቶኒን ሲንድሮም ያለበትን ሰው ግን ሊያባብሰው ይችላል። ሁለተኛው ዋጋ የሚታየው ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነው። ካርዷ ላይ ኤንኤምኤስ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ሪስፐሪዶኗ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይቆም ነበር። ከዚያም በኋላ ማንም ሐኪም የሳይኮሲስ መድኃኒት ሊሰጣት ይፈራል። ከዓመት በላይ ያረጋጋት መድኃኒት በሌላ መድኃኒት ጥፋት ይቀጣ ነበር። እኛ የአእምሮ ሐኪሟን አማክረን ሪስፐሪዶኑ ካገገመች በኋላ ቀጠለ።

ፍሉኦክሴቲኑ ቆመ። ሆኖም ፍሉኦክሴቲንና ከሱ የሚገኘው ውጤት ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይወስድባቸዋል። ዛሬ ቆመ ማለት ነገ ትራማዶል ይቻላል ማለት አይደለም። ለአምስት ሳምንት ያህል አደጋው አለ። በካርዷ ላይ በቀይ "ትራማዶል አይሰጥ" ብለን ጻፍን፤ ለእህቷም በትንሽ ወረቀት። ለወገቧ ፓራሲታሞል በቂ ሆነላት።

ሰንጠረዡ የሚያሳስትበት

ሁለት ቦታ ላይ ያሳስታል። የመጀመሪያው በጣም የከፋ ሴሮቶኒን ሲንድሮም ነው። ግትርነቱ ሲበረታ እግሩ መምታት አይችልም። ክሎነሱም ሪፍሌክሱም ይጠፋል፤ ኤንኤምኤስ ይመስላል። በዚያ ጊዜ ክሎነስ አጣን ብለን አንዘጋውም። ዳያዜፓም ሰጥተን ጡንቻው ሲላላ እግሩን እንደገና እንይዛለን። ክሎነስ ያኔ ሊወጣ ይችላል። ዓይንንም አብሮ ማየት ነው፤ ብሌኖቹ ወደ ግራና ቀኝ ያለማቋረጥ ሲመላለሱ ያ የዓይን ክሎነስ ነው። ግትርነት ዓይንን እንደ እግር አይደብቀውም።

ሁለተኛው ሦስተኛ በሽታ ሲሆን ነው። ሰንጠረዡ ሁለት የበሽታ ዓምድ ብቻ ስላለው አንባቢው ከሁለቱ አንዱን የመምረጥ ግዴታ ያለበት ይመስለዋል። ከሳይኮሲስ መድኃኒት ጋር ትራይሄክሲፈኒዲል የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። መጠኑ ሲበዛ እሱም ትኩሳት፣ ሰፊ ብሌንና መቃዠት ያመጣል። ልዩነቱ ቆዳው ደረቅ ነው፤ አንጀቱ ጸጥ ብሏል፤ ሽንቱ ፊኛው ውስጥ ተይዟል፤ ጡንቻው አልተገተረም። ላብ ያለውንና ላብ የሌለውን ሰው ለመለየት እጅን ብብት ውስጥ ማስገባት ይበቃል። ቴታነስ ደግሞ መንጋጋ ይቆልፋል፣ አእምሮ ግን ንጹሕ ነው። ማጅራት ገትርና የአንጎል ወባ ያለምንም የመድኃኒት ለውጥ ሊመጡ ይችላሉ። የመጀመሪያው ረድፍ፣ "ሰሞኑን ምን ተለወጠ?" የሚለው፣ መልስ ከሌለው ሰንጠረዡን ዘግቶ ወደ ኢንፌክሽን መመለስ ይሻላል።